ዕዳው አልቋል፣ መዝገቡ ግን አላለቀም

ሚያዝያ 2017 ላይ፣ የድሬዳዋ ሙቀት ገና ሳይበርድ፣ ከፊራ አካባቢ ጨርቅ የምትነግድ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። በእጇ ወረቀት የተጠቀጠቀበት ፌስታል ይዛለች። ከአረፋ በፊት ዕቃ ለማስገባት ከአንድ ባንክ ብድር ጠይቃ ነበር። ባንኩ ከለከላት።

«አቦ፣ ያልከፈልሽው የተበላሸ ብድር አለብሽ አሉኝ» አለች። «ወላሂ አንድ ሳንቲም የለብኝም።»

ከፌስታሉ ውስጥ በፕላስቲክ የታሸገ ደብዳቤ አወጣች። ከአንድ ዓመት በፊት ሌላ ባንክ የሰጣት የክሊራንስ ደብዳቤ ነው። ክብ ማህተም አለው። «ከባንካችን የወሰዱትን ብድር ሙሉ በሙሉ ከፍለው ያጠናቀቁ መሆኑን እናረጋግጣለን» ይላል። ደብዳቤው ትክክል ነው። አዲሱ ባንክ ያየው መረጃም እውነትም ስክሪኑ ላይ አለ። ሁለቱ እንዴት አብረው ሊኖሩ እንደቻሉ ነው ዛሬ የማስረዳው። ብዙ ዓመት በባንክ የብድር ክፍል ስለሠራሁ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይመጣብኛል። የእሷን ታሪክ በፈቃዷ ነው የምጽፈው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ትንሽ አስተካክያቸዋለሁ።

198 ብር

ብድሯን ከጊዜው ቀደም ብላ ልትዘጋ ፈለገች። ቅርንጫፉን «እስከ ዛሬ ስንት አለብኝ?» ብላ ጠየቀች። ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 የተጻፈ ደብዳቤ ሰጧት። ቀሪ ዋና ብድር 146,000 ብር፣ እስከዚያ ቀን የታሰበ ወለድ 1,320 ብር፣ ድምሩ 147,320 ብር። ከሥሩ ደግሞ «እስከ መጋቢት 10 ገቢ ከተደረገ ብድሩ እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ሰኞ መጋቢት 9 ገንዘቡን ከነሳንቲሙ ገቢ አደረገች። መጋቢት 19 ክሊራንሱንና የቤቷን ካርታ ተረከበች። ለማዘጋጃ ቤት የሚሰጠውን የእገዳ ማንሻ ደብዳቤም ጭምር። ቤቷ ገብታ ቡና አፈላች።

ኮምፒውተሩ ግን ደብዳቤውን አላነበበም። ወለድ በየቀኑ ይታሰባል። 146,000 ብር በ16.5 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 66 ብር ይሆናል። ከዓርብ እስከ ሰኞ 3 ቀን አለ። 198 ብር ማለት ነው። ባንኩ ይህን ሊያነሳላት በደብዳቤ ቃል ገብቷል። ሲስተሙ ላይ 198ቱን ብር መሰረዝ የነበረበት ሠራተኛ ግን አልሰረዘውም። የብድር ሒሳቡ ዜሮ ስላልሆነ አልተዘጋም። ካርታውን ያስረከበው ሰው ሒሳቡን አልከፈተም፣ ሒሳቡን የሚያየው ሰው ካርታው እንደተመለሰ አላወቀም።

የብር መጠን ሳይሆን የቀን ቁጥር

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው «ለ198 ብር ብሎ ማን ይከለክለኛል?» የሚለው። የብድር አመዳደብ ግን በዋናነት የሚያየው ክፍያው ስንት ቀን እንደዘገየ ነው። ብሔራዊ ባንክ ባወጣው አመዳደብ፣ በጊዜ ገደብ የሚከፈል ብድር ከ30 ቀን በታች ከዘገየ ጤናማ ነው። 30 ቀን ሲሞላው ልዩ ክትትል ውስጥ ይገባል። 90 ቀን ሲሞላው ከደረጃ በታች ይባላል፤ ባንክ ቤት ውስጥ «ኤንፒኤል ገባ»፣ ማለትም ብድሩ ተበላሸ፣ የሚሉት ከዚህ ጀምሮ ነው። በ180 ቀን አጠራጣሪ፣ በ360 ቀን ደግሞ ኪሳራ ይሆናል።

198 ብርም 2 ሚሊዮን ብርም ይህን መሰላል የሚወጡት በአንድ ፍጥነት ነው። የጎረቤቴ 198 ብር መጋቢት 2017 መጀመሪያ ላይ 360 ቀን ሞላት። እሷ ብድር የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ባንክ ስሟን ሲፈልግ ያገኘው የመጨረሻውንና ከሁሉም የከፋውን ቃል ነው፦ ኪሳራ።

ያን ቃል ያገኘው ከብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ነው። አበዳሪዎች የደንበኞቻቸውን የብድር ሁኔታ ወደ ማዕከሉ ይልካሉ፤ አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊት ደግሞ ከዚያው ያያሉ። ሰውን ከሰው የሚለዩበት ዋናው ነገር የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው፣ ማለትም ቲን ነምበር። ማዕከሉ ራሱ ብድር አይሰጥም፣ ማን እንደከፈለም አይመሰክርም። አበዳሪው የላከለትን ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ስህተቱን የሚያርመው የላከው አበዳሪ ነው። የከለከላችሁ ባንክ ላይ መጮህ አቅጣጫ መሳት ነው፤ እሱ ያነበበውን ነው የተናገረው።

የእገዳ ማንሻ ደብዳቤም ከዚህ መዝገብ ጋር አይገናኝም። እሱ የሚሄደው ወደ ማዘጋጃ ቤት ነው፣ ቤቱ ላይ ያለውን የመያዣ ምዝገባ ያስነሳል። ካርታ በእጅ መግባቱ የብድር መዝገቡ ለመጽዳቱ ማስረጃ አይሆንም።

መጀመሪያ ምን እንደተጻፈ እወቁ

ጎረቤቴን መጀመሪያ የላክኋት ወደ ከለከላት ባንክ ነው። ለክርክር አይደለም። አራት ነገር ጠይቃ እንድትመጣ ነው፦ የመዘገበው አበዳሪ ማን ነው፣ ቀሪ ዕዳ ተብሎ የተጻፈው ስንት ነው፣ ደረጃው ምን ይላል፣ መረጃው ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ ነው። የብድር ባለሙያው የሪፖርቱን ቅጂ ባይሰጥ እንኳ እነዚህን አራቱን በቃል መናገር አይከብደውም። በደንብ ከቀረባችሁት ይነግራችኋል። እሷ በማግስቱ ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ሄደች። ድሬ ውስጥ ቀትር ሲሆን የሰው ትዕግሥት እንደሚያልቅ ታውቃለች።

መልሱ የስህተቱን ዓይነት ይነግራችኋል። ቀሪው ዕዳ ትንሽና የተሸራረፈ ቁጥር ከሆነ፣ እንደ እሷ፣ ሒሳቡ በጭራፊ ምክንያት ሳይዘጋ ቀርቷል ማለት ነው። ቀሪው ዕዳ ከመዝጋታችሁ በፊት የነበረው ሙሉ ገንዘብ ከሆነና የመጨረሻው እድሳት ከከፈላችሁበት ቀን በፊት ከሆነ፣ ባንኩ ዘግቷል፣ ወደ ማዕከሉ ግን አልላከም። ይህኛው ቀላሉ ነው። የመጨረሻው እድሳት ከክፍያው በኋላ ሆኖ ሙሉ ገንዘቡ አሁንም ካለ ግን ያስገባችሁት ብር ወደ ብድር ሒሳባችሁ አልገባም። ወይ ቁጠባችሁ ውስጥ ተቀምጧል፣ ወይ የሌላ ሰው ሒሳብ ውስጥ ነው፣ ወይ ባንኩ ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ በሚያቆይበት ጊዜያዊ ሒሳብ ላይ ተንጠልጥሏል። ያኔ የገቢ ደረሰኙ ላይ የተጻፈውን የሒሳብ ቁጥር አንድ በአንድ ከብድር ውሉ ጋር አመሳክሩ። ጭራሽ የማታውቁት አበዳሪ ከመጣ ደግሞ ሁለት ነገር አስቡ፦ ቲን ነምበር በስህተት ተጽፎ ይሆናል፣ ወይም ከዓመታት በፊት ለዘመድ ዋስ ሆናችሁ የፈረማችሁት ነገር አለ።

የጎረቤቴ መልስ ግልጽ ነበር። የድሮው ባንክ፣ 241 ብር፣ ኪሳራ፣ ባለፈው ወር የታደሰ። 198ቱ ከወለድና ከቅጣት ጋር በዓመት ውስጥ 241 ደርሷል።

241 ብር ከፍሎ መገላገል

«አሁኑኑ ሄጄ እከፍላለሁ፣ 241 ብር ምን አላት!» አለች። ቦርሳዋን ይዛ ተነስታም ነበር። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የተጻፈው ለዚች ቅጽበት ነው።

አትክፈሉ፣ ቢያንስ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። ያንን ብር ብትከፍል ሒሳቡ ይዘጋል። መዝገቡ ግን «ኪሳራ ደረጃ የደረሰ ብድር፣ ሚያዝያ 2017 ተከፍሎ ተዘጋ» የሚል ታሪክ ይዞ ይቀራል። ማለትም አንድ ዓመት ሙሉ ሳትከፍል ቆይታ በመጨረሻ ከፈለች ይላል። ይህ ውሸት ነው። ግን በእጇ ከፍላ ያጸናችው ውሸት ይሆናል። ነገ ሌላ የብድር ኮሚቴ ታሪኩን ሲያይ «ለምን ዓመት ቆየሽ?» ይላታል። «በስህተት ነው» ብትል «ታዲያ ለምን ከፈልሽ?» ይመጣል።

መዝጋትና ማረም ይለያያሉ። መዝጋት ከዛሬ ጀምሮ ዕዳ የለም ይላል። ማረም ደግሞ ከመጋቢት 9 ቀን 2016 ጀምሮ ዕዳ አልነበረም፣ ከዚያ በኋላ የተቆጠረው የመዘግየት ቀን ሁሉ ትክክል አልነበረም ይላል። መጠየቅ ያለባችሁ ሁለተኛውን ነው። ቅርንጫፉ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ የመጀመሪያውን ነው፣ ለእሱ ሥራው ትንሽ ስለሆነ።

ቅርንጫፉ «ካልከፈልሽ ሲስተሙ አይዘጋም» ብሎ ቢጸና፣ ገንዘቡን ማንሳት ያለበት ራሱ ነው፤ እስከ መጋቢት 10 የሚል ደብዳቤ የጻፈው እሱ ነውና። በጣም ቸኩላችሁ መክፈል ግድ ከሆነባችሁ፣ መጀመሪያ የእርማት ደብዳቤያችሁን አስገቡና ክፍያው ዕዳውን ማመን እንዳልሆነ እዚያው ጻፉበት። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ።

ደብዳቤው

በቃል የተነገረ ቅሬታ ባንክ ቤት ውስጥ ዕድሜ የለውም። ሥራ አስኪያጁ ይዛወራል፣ ተተኪው አያውቃችሁም። ደብዳቤ ግን ቁጥር ያገኛል። ለእሷ የጻፍንላት ከዚህ ብዙም አይለይም፦

> ጉዳዩ፦ በብድር መረጃ ማዕከል በስህተት የተመዘገበ የብድር ሁኔታ እንዲታረም ስለመጠየቅ
>
> ከቅርንጫፋችሁ የወሰድኩትን ብድር፣ የብድር ሒሳብ ቁጥር ……፣ የቲን ቁጥር ……፣ መጋቢት 6 ቀን 2016 በሰጣችሁኝ ደብዳቤ መሠረት መጋቢት 9 ቀን 2016 ብር 147,320 ከፍዬ አጠናቅቄአለሁ። ይህንንም መጋቢት 19 ቀን 2016 በጻፋችሁልኝ ክሊራንስ አረጋግጣችኋል። ሆኖም በብድር መረጃ ማዕከል ብር 241 ዕዳ ያለብኝ፣ ደረጃውም ኪሳራ ተብሎ ተመዝግቦ ይገኛል።
>
> ስለዚህ፦ ቀሪ ተብሎ የሚታየው ሒሳብ ክፍያው በተጠናቀቀበት በመጋቢት 9 ቀን 2016 እንዲስተካከል፤ ለማዕከሉ የተላከው መረጃ ከዚያ ቀን በኋላ የክፍያ መዘግየት እንዳልነበረ በሚያሳይ መልኩ እንዲታረም፤ መታረሙም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

ሦስት ጥያቄ ብቻ። ስለደረሰባት ኪሳራና ስለተጎዳ ስሟ ሁለት ገጽ ልትጨምር ፈልጋ ነበር። ቁጣዋ እውነት ነው። ግን ያን ደብዳቤ የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ቀን፣ ቁጥርና ምን ይደረግ የሚለውን ነው። የካሳ ጥያቄ ካለ በኋላ፣ ለብቻው።

ከደብዳቤው ጋር አራት ቅጂ አያያዝን፦ ቀሪ ዕዳው የተገለጸበትን ደብዳቤ፣ የገቢ ደረሰኙን፣ ክሊራንሱን፣ የእገዳ ማንሻውን። ዋናዎቹን አትስጡ። የደረሰኝ ወረቀት በሙቀት ይደበዝዛል፤ ድሬ ውስጥ ዓመት የቆየ ደረሰኝ ባዶ ወረቀት ሆኖ አይቻለሁ። በከፈላችሁ ቀን ፎቶ አንሱት። ደረሰኙ ከጠፋ የዚያን ቀን የሒሳብ መግለጫ ጠይቁ፣ ማህተም ያለበትን።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስቀሩታል። በሌላኛው ላይ «ደርሶናል» ብለው ቀንና የገቢ ቁጥር ጽፈው ማህተም ያድርጉበት። ጎረቤቴ ሚያዝያ 21 ስትሄድ ጸሐፊዋ «አብሽሪ፣ እኔ አደርስልሻለሁ» ብላ ያለ ማህተም ልትቀበላት ነበር። ቆማ ጠበቀች። ማህተሙ ተመታ።

ውስጥ ምን ይሆናል

ቅርንጫፉ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ሥልጣን ማረም አይችልም። 241 ብር ለማንሳት የበላይ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ወደ ማዕከሉ መረጃ የሚልከውም በብዛት ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው የብድር ክፍል ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከድሬዳዋ ወደ ዲስትሪክት፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። «የት ደረሰ?» ስትሉ «ቅርንጫፉ ጨርሷል» የሚል መልስ አይበቃም። ከቅርንጫፉ የወጣበትን የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ጠይቁ።

አንድ ነገር በደንብ ያዙ። የእርማቱ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በባንኩ ሲስተም ውስጥ ያለው የብድር ሒሳብ ዜሮ ሆኖ መዘጋት አለበት። ቀጥሎ ነው የማዕከሉ መረጃ የሚታረመው። አንድ ቸኩሎ ለመርዳት የፈለገ ባለሙያ የማዕከሉን ብቻ ቢያስተካክል፣ ባንኩ ቀጥሎ መረጃ ሲልክ ያልተዘጋው ሒሳብ አብሮ ይሄዳል። ስህተቱ ተመልሶ ይመጣል። «ታርሞ ነበር፣ እንደገና መጣብኝ» የሚሉ ሰዎችን አግኝቻለሁ፤ ምክንያቱ ይህ ነበር። የብድር ሒሳባችሁን መግለጫ አሳትሙና መጨረሻው መስመር ላይ ዜሮ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

እስከዚያው ድረስ፣ ስህተቱን የፈጠረው ባንክ ለአዲሱ ባንክ «መረጃው በስህተት የተመዘገበ ነው፣ በማረም ላይ ነን» የሚል ደብዳቤ እንዲጽፍ ጠይቁ። አዲሱ ባንክ በዚያ ብቻ ብድር አይለቅም፤ ማመልከቻችሁን ግን ከመዝጋት ይልቅ በጠረጴዛ ላይ ያቆየዋል።

ቅርንጫፉ ዝም ካለ፣ ማህተም የተመታበትን ቅጂ ይዛችሁ ወደ ባንኩ የቅሬታ ሰሚ ክፍል ሂዱ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አለ፤ ያን ጠቅሳችሁ ጻፉ። ከዚያም ካልሆነ ለራሱ ለብሔራዊ ባንክ አቤት ይባላል። እዚያ ስትደርሱ የሚጠየቀው «ለባንኩ መቼ አመለከታችሁ?» ነው፣ የማህተሙ ጥቅም እዚያ ይታያል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይና የተሳሳተው እንዲታረምለት እንዲጠይቅ መብት ይሰጣል። በደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ብትጠቅሱት ክብደት አለው።

የማይታረመው

እውነት የዘገየ ክፍያ አይታረምም። ወረርሽኝ ነበር፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር፣ ዕቃዬ ተቃጥሎ ነበር፤ ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን 4 ወር ዘግይታችሁ ከፍላችሁ ከሆነ፣ መዝገቡ እንደከፈላችሁ ማሳየት አለበት እንጂ እንዳልዘገያችሁ አያሳይም። እዚያ ላይ የምትጠይቁት ቀሪ ዕዳው ዜሮ መሆኑና የተዘጋበት ቀን በትክክል መጻፉን ብቻ ነው። ምክንያቱን ለአዲሱ አበዳሪ በማስረጃ ታስረዳላችሁ። «ስምህን ከሲስተም አስጠፋልሃለሁ» የሚል ደላላ ካገኛችሁ ብራችሁን አትስጡት፤ የሰጣችሁት ቲን ነምበርና መታወቂያም ለሌላ ነገር ሊውል ይችላል።

የጎረቤቴ ጉዳይ ግንቦት 18 አለቀ። አረፋ ሊደርስ 11 ቀን ቀርቶት ነበር። አዲሱ ባንክ እንደገና ስሟን አየ፤ ዕዳ የለም፣ የተዘጋበት ቀን መጋቢት 9 ቀን 2016። የአረፋው ገበያ አብዛኛው አመለጣት። ያገኘችውን ብድር ለመስከረም ዕቃ አዋለችው። ሐምሌ ላይ ደግሜ «አንድ ጊዜ ይዩልሽ» ብዬ ላክኋት፣ ስህተቱ እንዳልተመለሰ ለማረጋገጥ። አልተመለሰም። የማህተም ቅጂዋንና ዜሮ ያለበትን የሒሳብ መግለጫ ከክሊራንሱ ጋር በአንድ ፕላስቲክ አሽጋ፣ ከካርታው ሥር አስቀመጠችው።